ከበር ለተመለሳችሁ

ጂም በር ድረስ መጥታችሁ ተመልሳችሁ ታውቃላችሁ? ደረጃውን ወጥቶ፣ የብረቱን ድምፅ ሰምቶ፣ "መጀመሪያ ትንሽ ልቀንስና እመጣለሁ" ብሎ የሄደ ብዙ ሰው አለ። ቆይተው ሲመጡ ራሳቸው ነግረውናል።

ጀሞ 1 ያለው ጂማችን የጥቅምት ምዝገባ የጀመረው ለእናንተ ነው። እዚህ ለመግባት ቀድሞ መስተካከል ያለበት ሰውነት የለም። ቱታና ሰፋ ያለ ቲሸርት ካላችሁ ይበቃል።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነው። አሰልጣኝ ይቀበላችኋል። ሚዛን ላይ ውጡ አይላችሁም። ወገብ ወይም ጉልበት ያማችሁ እንደሆነ ይጠይቃችኋል። የግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ክትትል ካላችሁ፣ ወይም እርጉዝ ከሆናችሁ፣ ሐኪማችሁን አማክራችሁ ኑ። ከዚያ 10 ደቂቃ ትሬድሚል ላይ በእርምጃ ብቻ። ቀጥሎ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ። በመጨረሻም ቀለል ያለ ዳምቤል ከመሬት ማንሳት፤ ጉልበት አጠፍ፣ ጀርባ ቀጥ አድርጎ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ 20 ሊትር ጄሪካን ተሸክማችሁ የምታውቁ ይቺ ነገር ለምን እንደምትጠቅም ወዲያው ይገባችኋል።

በማግስቱ ጭናችሁን ሊያማችሁ ይችላል። ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። የሚወጋ ወይም መገጣጠሚያ ላይ የሚሰማ ሕመም ከሆነ ግን አትታገሡ፤ ንገሩን፣ እንቅስቃሴውን እንቀይረዋለን።

"በወር ይህን ያህል ኪሎ እናስቀንሳለን" አንልም። የሰው እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ዕድሜና የሥራ ጫና ይለያያል፤ ይህን እያወቅን ቁጥር ብንሰጣችሁ ልክ አይሆንም። የ"በፊት" እና "በኋላ" ፎቶም አንለጥፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 50 ደቂቃ እንደማለት ነው። እናንተ ግን በሁለት ቀን፣ በ30 በ30 ደቂቃ ጀምሩ። አንድ ሳምንት ብትቀሩ "የት ጠፋችሁ?" ብሎ የሚወቅሳችሁ የለም። ካቆማችሁበት እንቀጥላለን።

ጾም ላይ ከሆናችሁም ንገሩን። ሰዓቱንና ክብደቱን እናስተካክላለን።

እስከ ጥቅምት 30 ለሚመዘገብ ሁሉ የመመዝገቢያ ክፍያ የለም። ወርሃዊው 2,200 ብር ነው፤ የአሰልጣኝ ክትትል፣ ሎከርና ሻወር ተካተዋል። መጀመሪያ ሁለት ቀን በነፃ ሞክሩ፣ ከዚያ ወስኑ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ነን። ማክሰኞና ሐሙስ ረፋድ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ለሴቶች ብቻ ነው፤ አሰልጣኟም ሴት ናት።

ብቻችሁን መምጣት ከከበዳችሁ እህታችሁን ወይም ጎረቤታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ለእሷም ሁለቱ ቀን ነፃ ነው። አድራሻውን በውስጥ መስመር ጠይቁን። በሩ ላይ ስትደርሱ "አዲስ ነኝ" በሉ፤ የሚቀበላችሁ ሰው አለ።