ላፕቶፕሽ አልነሳ ሲል፦ ከቻርጀሩ እስከ ዲስኩ

እህቴ፣ ትናንት መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ላፕቶፕሽ ጭራሽ አልነሳ እንዳለ ስትነግሪኝ ቶሎ የመጣብኝ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ነው። ግን አትደንግጪ። ጽሑፉ ያለው ዲስኩ ላይ ነው፤ ላፕቶፕ አልበራም ማለት ደግሞ ዲስክ ሞተ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ገና ከዲስኩ በፊት ነው። ስለዚህ ከታች የጻፍኩልሽን በተራ ሞክሪ። አንዱን ሳትጨርሺ ወደ ሌላው አትዝለይ። «ፎርማት እናድርገው» የሚልሽ ሰው ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ እሺ እንዳትዪ።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ። ስልክሽን እዚያው ሶኬት ላይ ሰኪው። ቻርጅ ካደረገ ሶኬቱ ደህና ነው። ማከፋፈያውን ተዪውና ቻርጀሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኪ። ከግድግዳ ወደ ቻርጀሩ ሳጥን የሚገባውን ገመድም ጠበቅ አድርገሽ ግፊው፤ እሱ ላልቶ ስንት ሰው ሱቄ ድረስ መጥቷል! የቻርጀሩ መብራት ካልበራ፣ መብራት ሲመለስ የመጣው ኃይል አቃጥሎት ሊሆን ይችላል። ከጎረቤት ቻርጀር ስትዋሺ ጀርባውን አንብቢ። ያንቺ 19.5V እና 3.34A ይላል። ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ጫፉ ስለገባ ብቻ ይሆናል ማለት አይደለም።

ቻርጀሩ ደህና ሆኖም ካልነሳ ነቅለሽ ባትሪውን አውጪ። ያንቺ ከሥር ሁለቱን መቆለፊያ ስትገፊ የሚወጣው ዓይነት ነው። ከዚያ ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ። ውስጥ የቀረው ኃይል ይወጣል። ባትሪውን ሳትመልሺ በቻርጀር ብቻ አብሪው። ከተነሳ ችግሩ ባትሪው ጋ ሊሆን ይችላል። በደህና ቻርጀር አንዲትም መብራት ካልታየች ጥርጣሬው መሰኪያው ወይም ማዘርቦርዱ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ አቁሚና ለእኔ ላኪው።

መብራቱ በርቶ፣ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነስ? Caps Lock ተጫኚ። መብራቷ በርታ ከጠፋች ማሽኑ ሳይሠራ አይቀርም፤ የማይታየው ምስሉ ብቻ ነው። ክፍሉን አጨልሚና የስልክሽን ባትሪ በጎን ወደ ስክሪኑ አብሪ። ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ከታየሽ የጠፋው የስክሪኑ የኋላ ብርሃን ነው። አጎቴ ቤት ሄደሽም በኤችዲኤምአይ ገመድ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰኪው። እዚያ ምስል ከመጣ ጽሑፍሽን ወዲያው ፍላሽ ላይ ገልብጪ፣ ስክሪኑ በኋላ ይደርሳል።

Caps Lock ካልመለሰ፣ ቴሌቪዥኑም ላይ ምንም ካልመጣ፣ ራም የሚባለውን የማሽኑን ጊዜያዊ ሜሞሪ እዪ። ባለፈው ዓመት አንዱ ደንበኛ «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ተብሎ ሊጥለው የነበረ ላፕቶፕ አምጥቶልኝ፣ ራሙን አውጥቼ በላጲስ ብጠርገው ተነሳ። ቻርጀሩንም ባትሪውንም ነቅለሽ የሥር ክዳኑን ክፈቺ። ሰውነትሽ ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ መጀመሪያ ብረት ነገር ንኪ። በጎንና በጎን ያሉትን መያዣዎች ከፈት ስታደርጊ ራሙ ብድግ ይላል። ወርቃማ ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ ቀስ ብለሽ ጥረጊና ፍርፋሪውን አራግፊ። ዘመም አድርገሽ አስገቢ፣ «ጠቅ» እስኪል ወደታች ተጫኚ። ሁለት ስለሆኑ አንድ በአንድ ሞክሪያቸው። ስታበሪው ቢጮህ ወይም መብራቱ ብልጭ ድርግም ቢል በቪዲዮ ቅጂልኝ፤ ቁጥሩ ትርጉም አለው።

አሁን ዲስኩ። እዚህ የምትደርሺው ሎጎው ታይቶ ከዚያ No bootable device ወይም ተመሳሳይ ነገር ከመጣ ነው። ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ካለ ነቅለሽ እንደገና አስነሺ። አሁንም ያው ከሆነ፣ ስታበሪው F2 ደጋግመሽ ተጫኚ። በሚመጣው ገጽ ላይ ዲስኩ ተዘርዝሮ እንዳለ እይ። ከሌለ አጥፊውና ዲስኩን አውጥተሽ መልሰሽ አስገቢው።

ያንቺ የሚሽከረከረው ዓይነት ዲስክ ስለሆነ ጆሮሽን ጠጋ አድርጊ። «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማሽ በዚያው ቅጽበት አጥፊው። ደጋግመሽ ባበራሽው ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል።

ድምፅ ከሌለው፣ ዲስኩም ከተዘረዘረ፣ ግን ዊንዶውስ ካልተነሳ፣ Startup Repair የሚለውን መሞከር ትችያለሽ። Reset this PC የሚለውን ግን አትንኪ። ባለ 48 አሃዝ የBitLocker ቁልፍ ከጠየቀሽ በስልክሽ aka.ms/myrecoverykey ገብተሽ በማይክሮሶፍት አካውንትሽ ፈልጊ። chkdsk የሚባለውን የዲስክ መፈተሻ አስኪጂ የሚል ካለ ጽሑፍሽ ሳይገለበጥ አይሆንም በዪው፤ ደካማ ዲስክ ላይ ያስቸግራል።

ዛሬ ቻርጀሩን ብቻ ጨርሺና ደውዪልኝ። ከ12 ሰዓት በኋላ ሱቅ ዘግቼ እጠብቅሻለሁ።