ሀና፣ በፔንዱለም ሪፖርትሽ ላይ ቀጥለሽ የምትሰሪው

ሀንዬ ሰላም ነው፣ ሪፖርትሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ ፎቶዎቹንም ዙም እያረኩ አየኋቸው። መጀመሪያ ይሄን ልበልሽ፣ ከፔንዱለሙ ያገኘሽውን የመሬት ስበት ቁጥር፣ g'ን፣ ወደ 9.8 ሳታስጠጊ እንዳለ መጻፍሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ስንት ሰው ነው መልሱን ከመጽሐፍ አይቶ ዳታውን የሚያስተካክል። ያንቺ ዳታ እውነተኛ ስለሆነ የቱ ጋ እንደተበላሸ ራሱ ይናገራል፣ ስለዚህ ኤግዚቢሽኑ ሳይደርስ የምታስተካክይውን ልንገርሽ፣ ጊዜ አለሽ።

ሰንጠረዥሽን አውጪና g የሚለውን ረድፍ ብቻ ከላይ ወደ ታች እዪው። በ20 ሳንቲም ክር 8.06፣ በ40 8.79፣ በ60 9.61፣ በ80 9.13፣ በ100 9.58። አንቺ አምስቱን ደምረሽ ለአምስት አካፍለሽ 9.0342 ብለሽ መደምደሚያው ላይ "ልዩነቱ የመጣው በሰው ስህተት ነው" ብለሻል። ግን በሰው ስህተት ብቻ ቢሆን ቁጥሮቹ ከ9.8 አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ይበታተኑ ነበር፣ ያንቺ አምስቱም ከታች ናቸው፣ ደግሞ ሁለቱ አጫጭር ክሮች ላይ ይብስባቸዋል። እንዲህ አንድ ወገን ብቻ የሚያደላ ነገር ምክንያት አለው፣ ምክንያቱን ደግሞ ፎቶዎችሽ ላይ አግኝቼዋለሁ።

አንደኛው ርዝመቱ ነው። ማስመሪያው የሚያልቀው ክሩ ከጓጉንቸሩ ጋር የታሰረበት ቋጠሮ ላይ ነው። በፎርሙላው ውስጥ ያለው L ግን ከሚስማሩ እስከ ጓጉንቸሩ የክብደት ማዕከል ድረስ ነው፣ እሱ ደግሞ ከቋጠሮው ዝቅ ብሎ ሆዱ ውስጥ ነው ያለው። በግምት 2.5 ሳንቲም ይጎድልሻል እንበል፣ ለ100 ሳንቲም ክር ይሄ ብዙም አይደለም፣ ለ20 ሳንቲም ክር ግን ከ10 ፐርሰንት በላይ ነው። ሁለተኛው፣ ሪፖርቱ ላይ "በሁሉም ጊዜ 15 ሳንቲም ወደ ጎን ጎትቼ ለቀቅኩ" ብለሻል፣ እኩል እንዲሆን አስበሽ እንደሆነ ገብቶኛል፣ ግን እኩል መሆን ያለበት አንግሉ እንጂ ርቀቱ አይደለም። 15 ሳንቲም ለ100 ሳንቲሙ 8 ወይ 9 ዲግሪ ነው፣ ለ20 ሳንቲሙ ከ40 ዲግሪ በላይ ሆነ ማለት ነው። T የአንድ ደርሶ መልስ ጊዜ ነው፣ T=2π√(L/g) የሚሰራው ግን ለትንሽ አንግል ብቻ ነው፣ 40 ዲግሪ ላይ ፔንዱለሙ ከፎርሙላው 3 ፐርሰንት ገደማ ይዘገያል፣ T ስኩዌር ስለሚሆን g ላይ እጥፍ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሁለቱም ችግሮች g'ን ወደ ታች ነው የሚጎትቱት፣ ሁለቱም አጭሩን ክር ነው አብዝተው የሚመቱት፣ 8.06 የመጣው በዚህ ነው።

በድሮው ዳታ ላይ ሂሳቡን ብቻ ብታስተካክይ አይሆንም፣ እንደገና መለካት አለብሽ። አይክበድሽ፣ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ካለ ከአንድ ሰዓት አያልፍም።

አለካኩ እንዲህ ይሁን። ጓጉንቸሩን አትቀይሪ፣ ጥሩ ክብደት አለው። ክሩን ግን ሚስማሩ ላይ ጠምጥመሽ አትሰሪው፣ ሲወዛወዝ ጥምጥሙ ስለሚላላና ስለሚጠብቅ ርዝመቱ ይለዋወጥብሻል፣ በሱ ፈንታ ሁለት የእንጨት ማስመሪያ መሃል አስገቢውና ማስመሪያዎቹን በላስቲክ ወይ በልብስ መቆንጠጫ አጥብቀሽ በሩ ላይኛው ጠርዝ ላይ እሰሪያቸው፣ ክሩ ከማስመሪያዎቹ የሚወጣበት ጫፍ ነው ዜሮሽ። ርዝመቶቹ 30፣ 50፣ 70፣ 90 እና 110 ሳንቲም ይሁኑ፣ 20ዋን ተያት። እንደበፊቱ እስከ ቋጠሮው ድረስ ለኪ፣ አዎ እስከ ቋጠሮው፣ ለምን እንዳልኩሽ ግራፉ ጋ ስትደርሺ ይገባሻል። ብቻ አምስቱንም አንድ አይነት ቦታ ላይ ለኪ። የምትጎትቺው ከክሩ ርዝመት አንድ አስረኛውን ብቻ ነው፣ ለ30ው 3 ሳንቲም፣ ለ110ሩ 11 ሳንቲም፣ እንዲህ ካደረግሽ ሁሌም 6 ዲግሪ አካባቢ ነሽ። ስትለቂው አትግፊው ዝም ብለሽ ልቀቂው፣ ክብ እየሰራ ከሄደ አስቁሚውና እንደገና ጀምሪ።

አሁን ሰዓቱ። አንቺ የአንድ ደርሶ መልስ ነው የለካሽው። ስልክ ላይ ስቶፕዋች ስንጫን ጣታችን በቀላሉ ወደ 0.2 ሰከንድ ይሳሳታል፣ አንድ ሰከንድ ለሚፈጅ ውዝዋዜ 20 ፐርሰንት ስህተት በይው። 20 ደርሶ መልስ በአንድ ላይ ለኪና ለ20 አካፍዪ፣ ያው 0.2 ሰከንድ አሁን ለ20 ስለሚካፈል 1 ፐርሰንት ገደማ ይሆናል፣ አዲስ እቃ ሳትገዢ። ከኋላው ግድግዳ ላይ ወይ በሩ ላይ መሃሉን በቾክ ምልክት አድርጊ፣ ስቶፕዋቹን የምትጀምሪውም የምታቆሚውም በምልክቱ ሲያልፍ ነው፣ ጫፍ ላይ አይደለም፣ ምክንያቱም ጫፍ ላይ ለመመለስ ቀስ ስለሚል መቼ እንደተመለሰ በአይን መለየት ይከብዳል፣ መሃል ላይ ግን በጣም ስለሚፈጥን ያለፈበት ቅጽበት ግልጽ ነው። ስትጀምሪ "ዜሮ" በይ፣ "አንድ" ካልሽ 19 ነው የምትለኪው። በዛው አቅጣጫ ተመልሶ ምልክቱን ሲያልፍ ነው "አንድ" የሚባለው። ለየርዝመቱ ሶስት ሶስት ጊዜ ለኪ፣ ሶስቱ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ከተራራቁ ቆጠራ ተሳስተሻልና ያንን ድገሚው። ለ30 ሳንቲሙ 23 ሰከንድ አካባቢ፣ ለ110ሩ 43 አካባቢ መምጣት አለበት፣ ከዛ በጣም ከራቀ አትቀጥይ፣ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ፈልጊ።

ሰንጠረዡ ላይ L በሜትር፣ ሶስቱን ሰዓቶች፣ አማካያቸውን፣ T እና T² ጻፊ። g የሚለውን ረድፍ አጥፊው። ለምሳሌ ለ0.50 ሜትር የሶስቱ አማካይ 29.1 ሰከንድ ከመጣልሽ T 1.455 ነው፣ T² ደግሞ 2.117። ሌሎቹን በዚሁ መንገድ አንቺ ትሰሪያለሽ።

የሪፖርትሽ ልብ ግን ግራፉ ነው። ግራፍ ወረቀት ላይ አግድሙ L፣ ቁሙ T²፣ ሁለቱም ከዜሮ ይጀምሩ። አምስቱን ነጥብ አስቀምጪና ነጥቦቹን በመሃል የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በማስመሪያ አስምሪ፣ ነጥብ ከነጥብ እንዳታገናኚ። እና አደራ፣ መስመሩን በግድ በዜሮ በኩል አታሳልፊው! L ዜሮ ሲሆን T² ዜሮ መሆን አለበት ብለሽ ልትጠመዝዢው ትፈልጊ ይሆናል፣ ያንቺ መስመር ግን ቁሙን ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚቆርጠው፣ እንደዛ መሆንም አለበት። ለምን መሰለሽ፣ ከቋጠሮው በታች የጎደለችው ርዝመት ለአምስቱም ክር አንድ አይነት ናት፣ ስለዚህ መስመሩን እንዳለ ከፍ ታደርገዋለች እንጂ ተዳፋቱን፣ ስሎፑን ማለት ነው፣ አትነካውም። እስከ ቋጠሮ ለኪ ያልኩሽ ለዚህ ነው፣ g የሚወጣው ከስሎፑ ስለሆነ ጉድለቱ አይጎዳሽም። እኔ ይሄን ነገር በጣም ነው የምወደው፣ የጓጉንቸሩ ማዕከል የት እንዳለ ሳታውቂ እንኳን ትክክለኛ g ታገኛለሽ።

ስሎፑን ስታወጪ የለካሽውን ነጥብ ሳይሆን መስመሩ ላይ ተራርቀው ያሉ ሁለት ቦታዎችን ምረጪ። 4 አካባቢ ነው የሚመጣው፣ ዩኒቱ s²/m ነው፣ አትርሺው።

```
g = 4π² / slope = 39.48 / slope
```

ከዛ መስመሩ ቁሙን የቆረጠበትን ቁጥር ለስሎፑ አካፍዪው፣ የጎደለችውን ርዝመት በሜትር ይሰጥሻል። 0.1 ለ4 ቢሆን 0.025 ሜትር፣ 2.5 ሳንቲም ማለት ነው። አሁን ጓጉንቸሩን ፍቺና እርሳስ ላይ አጋድመሽ ሚዛኑን የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጊ፣ ከዛ ቦታ እስከ ቋጠሮው ያለውን በማስመሪያ ለኪ። ከግራፉ ጋር ከተቀራረበ ሪፖርቱ ላይ በአንድ አረፍተ ነገር ጻፊው፣ ካልተቀራረበም ሁለቱንም ቁጥር እንዳሉ ጻፊ። ዳኞቹ ቆም ብለው የሚያነቡት እሱን ነው ብዬ አምናለሁ።

9.0342 ላይ ከነጥቡ በኋላ ያሉት አራት ዲጂቶች ይቅሩ፣ አለካክሽ ያንን ያህል አያውቅም። በነጥቦቹ መሃል ሊያልፉ የሚችሉ በጣም የቆመውንና በጣም ጋደም ያለውን መስመር አስምሪ፣ የሁለቱን ስሎፕ አውጪ። 3.95 እና 4.12 ቢሆኑ g ከ9.6 እስከ 10.0 ነው፣ 9.8 ± 0.2 ብለሽ ትጽፊያለሽ። የምታወዳድሪው ደግሞ ከመጽሐፉ 9.81 ጋር አይሁን። እኛ አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነን፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ነን፣ እዚህ g 9.78 ወይ ከሱ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ያንቺ ሙከራ ይሄን ልዩነት ሊለይ አይችልም፣ ይሄንንም ጻፊው፣ አያሳፍርም።

መግቢያሽ ላይ ስለ ጋሊሊዮ ያለው ግማሽ ገጽ ቆንጆ ነው ግን ለሙከራሽ ምንም አይሰራም፣ ቁረጪው። በምትኩ ሶስት አረፍተ ነገር ስለ ዣን ሪሼር ጻፊ፣ ፈረንሳዊ የስነ ፈለክ ሰው ነው፣ በ1672 ምድር ወገብ አጠገብ ያለችው ካየን ሲሄድ ፓሪስ ላይ ትክክል የነበረው የፔንዱለም ሰዓቱ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ዘገየበት፣ g ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ በፔንዱለም የታየው ያኔ ነው። ከአዲስ አበባው ቁጥርሽ ጋር በቀጥታ ይገናኝልሻል።

መደምደሚያው ላይ "የሰው ስህተት" የሚለውን አውጪና ምን፣ በስንት፣ ወደ የት እንደጎተተሽ ጻፊ። እንደዚህ አይነት ማለቴ ነው፣ "በመጀመሪያው ልኬት አጭሩን ክር ከ40 ዲግሪ በላይ ስለጎተትነው T ረዘመ፣ g አነሰ። በሁለተኛው 6 ዲግሪ አካባቢ ስላደረግነው ይህ ተፅዕኖ T ላይ ከ0.1 ፐርሰንት በታች ሆኗል።" የድሮውን ሰንጠረዥ አትጣይው፣ ከአዲሱ ጎን አስቀምጪው፣ ምን እንደተለወጠ ይታይ።

ጊዜ ካጠረሽ መለካቱና ግራፉ ይቅደሙ፣ መግቢያውን በመጨረሻው ቀን ማታም ትጽፊዋለሽ። እስከ ረቡዕ ሰንጠረዡንና ግራፉን ብቻ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ጽሑፉን ገና አትንኪው። ስሎፑ ከ3.8 በታች ወይ ከ4.3 በላይ ከመጣ ግን ረቡዕን አትጠብቂ፣ በዛው ሰዓት ደውዪልኝ።