የዋይፋይ ፓስዎርድና የቤቱ ደንብ

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንኳን ደህና መጡ።

ውስጥ ለሚቀመጡ፦ Bunabet_5G
በረንዳ ላይ ለሚቀመጡ፦ Bunabet
ፓስዎርድ (ለሁለቱም)፦ jebena4567

ፊደሎቹ በሙሉ ትንንሽ ናቸው፣ በፊደሉና በቁጥሩ መካከል ክፍተት የለም። ኪቦርድዎ አማርኛ ላይ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩት። ፓስዎርዱን በየወሩ መጀመሪያ ከዚህ ወረቀት ጋር እንቀይረዋለን። ከዚህ በፊት ይገባልዎት የነበረው ዛሬ እምቢ ካለ፣ ስልክዎ የያዘው አሮጌውን ነው፤ የኔትወርኩን ስም ተጭነው Forget ይበሉና አዲሱን ያስገቡ።

5G የሚለው ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ሲያልፍ ይደክማል። በረንዳ ላይ ሆነው ከተቆራረጠብዎ ወደ ሌላው ይለፉ። የቆዩ ስልኮች 5G የሚለውን ስም ጭራሽ ላያሳዩ ይችላሉ፤ ስልክዎ አልተበላሸም።

መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ራውተሩም ይጠፋል። ከተነሳ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል ይታገሱ፤ በዚህ መሃል ዋይፋዩ ተገናኝቷል ቢልዎትም ኢንተርኔት አይኖርም። ራውተሩን እባክዎ ራስዎ ነቅለው አይሰኩት፣ የሁሉም ሰው ይቋረጣል። ለካሸሯ ይንገሯት።

መስመሩ አንድ ነው፣ የምንጠቀመው ሁላችንም ነን። «ኔቱ ቀዘቀዘ» ሲባል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የአንድ ሰው ስልክ ባለቤቱ ሳያውቅ ፎቶና ቪዲዮ ወደ ጎግል ፎቶስ እየጫነ መሆኑ ነው። ባክአፑን ያቁሙልን፤ የላፕቶፕ አፕዴትና የፊልም ዳውንሎድም ቤትዎ ይቆይ። ላፕቶፕዎ የኔትወርኩን ዓይነት ከጠየቀዎ Public የሚለውን ይምረጡ። ፓስዎርዱን ቤቱ ሙሉ ያውቀዋልና ለባንክ ጉዳይ የራስዎን ዳታ ቢጠቀሙ ይሻላል።

የቤቱ ደንብ

ዋይፋዩ ለተስተናጋጅ ነፃ ነው። በአንድ ማኪያቶ ሁለት ሰዓት ይቀመጡ፣ ከዚያ በላይ ከቆዩ ሌላ ነገር ይዘዙ። ውሃም ይቆጠራል።

ከቀኑ 6፡00 እስከ 8፡00 ሰዓት ምሳ ነው። በእነዚህ ሰዓታት አራት ሰው በሚይዙት ጠረጴዛዎች ላይ ላፕቶፕ አይከፈትም፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ረጅም ባንኮኒ ግን ቀኑን ሙሉ ለላፕቶፕ ክፍት ነው፣ ሶኬቱም ያለው እዚያው ነው። ለአንድ ሰው አንድ ሶኬት። ማከፋፈያ ይዘው አይምጡ፣ ብሬከሩ ይወርዳል። ገመድዎን መተላለፊያ ላይ አይዘርጉ፤ አስተናጋጆቻችን ትኩስ ነገር ይዘው ነው የሚያልፉት።

ቪዲዮም ሙዚቃም በኢርፎን። ረጅም ስልክና የዙም ስብሰባ በረንዳ ላይ።

ከውጭ የመጣ ምግብና መጠጥ አይፈቀድም፤ የሕፃን ምግብና የልደት ኬክ ይፈቀዳል፣ ኬኩን ግን አስቀድመው ይንገሩን።

ማጨስ በሕግ የተከለከለ ነው።

ዕቃዎን ጥለው አይነሱ። መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ላፕቶፕዎን ካሸሯ ጋር ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ለተተወ ዕቃ ኃላፊነት አንወስድም።