ስለ ተረቡ ልነግርህ የፈለግሁት

ውድ ወንድሜ፣

ይህን በአካል ልነግርህ ሁለት ጊዜ አስቤ ነበር። ሆኖም ስሜት ሲጫነኝ አንደበቴ እንደሚያዝ ታውቃለህና፣ ሐሳቤ ሳይቆራረጥ እንዲደርስህ በጽሑፍ ማድረጉን መረጥሁ። የምጽፍልህ ተቀይሜህ ልርቅህ ፈልጌ አይደለም።

ባለፈው እሑድ እናትህ ቤት ለምሳ ስገባ፣ «ጡረተኛው መጣ፣ ወንበር ልቀቁለት» ብለህ ተቀበልኸኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቀጥለህም ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስቀርብ ስሜን ተናግሬ እስክጨርስ ቢሮው እንደሚዘጋ፣ አነጋገሬን እያስመሰልህ አሳየሃቸው። ለማንም ያልነገርሁት ነገር ግን፣ ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ በእውነተኛ ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጬ፣ ልክ ስሜ ላይ ስደርስ ቃሉ አልወጣ ብሎኝ ነበር። አንተ ይህን ልታውቅ አትችልም ነበር፤ በዚህ አልወቅስህም። ነገር ግን እጮኛዬ ከጎኔ ተቀምጣ ስትሰማ፣ የበላሁት እንጀራ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ልጆች ሳለን እንካ ሰላንቲያ ስንጫወት፣ አንዱ ሲሰድብ ሌላው ተራውን ጠብቆ ይመልስ ነበር፤ የተሰደበውም መልስ ስላለው አይከፋውም ነበር። አሁን በመካከላችን የጎደለው ይህ ተራ ይመስለኛል። አንተ አፈ ቀላል ነህ፤ ተረብህን እወደዋለሁ፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ያቀራረበንም እሱ ነው። ይሁን እንጂ በአንደበቴ ስትተርበኝ፣ መልሱን የምሰጥበት መሣሪያ ያው የተያዘው አንደበቴ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ፊደል ሳልጨርስ ሳቁ ያልፋል። አብሬ መሳቄም እንዳልተጎዳሁ አስመስሎብህ ይሆናል፤ ቀድሜ ባለመናገሬ የኔም ድርሻ አለበት።

ስለዚህ የምለምንህ ሁለት ነገር ብቻ ነው። አነጋገሬን፣ ሰው ባለበትም ሆነ ለብቻችን ስንሆን፣ አታስመስልብኝ። ሥራ ማጣቴንም ቢያንስ አዲስ ሥራ እስካገኝ ድረስ ተወው፤ አራት ወር ቤት መዋል ከውጭ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። በኳስ ቡድኔ፣ በአለባበሴ፣ በስስቴም ጭምር የፈለግኸውን በል፤ እሱን በደስታ እቀበላለሁ፣ እመልስልሃለሁም። ረስተህ ከጀመርህ ደግሞ ሰው ፊት አላሳፍርህም፤ ክንድህን ነካ አደርጋለሁ፣ ያን ጊዜ ወሬውን ወደ ሌላ ውሰደው።

ወዲያው መልስ እንድትጽፍልኝ አልጠብቅም፤ የተሰማህን ግን፣ አጥፍተሃል የምትለኝ ነገር ካለም ጭምር፣ መስማት እፈልጋለሁ። ቅዳሜ እንደተለመደው 10 ሰዓት ላይ ቡና ቤቱ እገኛለሁ። ሌሎቹ ከመምጣታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ብትደርስ ደስ ይለኛል።

ወንድምህ