በሸዋሮቢት ቅርንጫፍ ክሊኒክ ለመክፈት የተደረገ የአዋጭነት ጥናት

ለባለድርሻዎች የቀረበ
ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 2018 ዓ.ም

ውሳኔውን ለምትቸኩሉ

ቅርንጫፉ ያዋጣል፤ ግን ባለፈው ስብሰባ በተነጋገርንበት መልክ አይደለም። ሙሉ ጊዜ ሐኪምና አልትራሳውንድ ይዘን ብንገባ ገንዘባችን ተቀብሮ ይቀራል። በጤና መኮንን የሚመራ፣ ላብራቶሪው ጠንካራ የሆነ አነስተኛ ክሊኒክ ግን ራሱን ይችላል። እሱም ከታች የተቀመጡት ሦስት ነገሮች ከተሟሉ ነው።

ታካሚ አለ ወይ?

ሐሳቡ የመጣው ከካርድ ክፍላችን ነው። ባለፈው ዓመት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከሸዋሮቢትና ከዙሪያዋ የመጡ 412 ካርዶች ቆጠርን። ጣርማበርን ወጥቶ፣ 100 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ቢሆንም ዳገቱና ጉሙ የሚፈትን መንገድ ተጉዞ የሚመጣ ሰው ካለ፣ እዚያው ብንከፍትለት ደስ ይለዋል ብለን ነበር።

ካርዶቹን አንድ በአንድ ስንገልጥ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። 231ዱ የመጡት ለአልትራሳውንድ ወይም ስፔሻሊስት ፍለጋ ነው። እነዚህ ቅርንጫፍ ብንከፍትም ወደ ደብረ ብርሃን መምጣታቸው አይቀርም። ስለዚህ 412ን የቅርንጫፉ ታካሚ አድርጎ ማስላት ራስን ማታለል ነው።

እውነተኛው ፍላጎት ያለው ወደ እኛ ጭራሽ ከማይመጣው ሰው ዘንድ ነው። ሁለት ሠራተኞቻችን 6 ቀን ሸዋሮቢት ቆይተው በመናኸሪያና በገበያ አካባቢ 84 ሰው አነጋግረዋል። ብዙዎቹ የነገሯቸው አንድ ዓይነት ነው፦ ትኩሳት ሲይዛቸው መጀመሪያ መድኃኒት ቤት ይሄዳሉ፤ ካልተሻላቸው ጤና ጣቢያ። የሚያማርራቸው ዋጋው ሳይሆን ወረፋው ነው። አንድ የሽንኩርት ገበሬ «ውሃ ተራዬ ደርሶ ወረፋ ላይ ከዋልኩ እርሻዬ ደረቀ ማለት ነው» ብለዋቸዋል። የምንሸጠው ነገር እንግዲህ ይኸው ነው፦ ጠዋት ደም ሰጥቶ ከምሳ በፊት ውጤት ይዞ መውጣት።

ሁለት ነገር መርሳት የለብንም። የወባ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ገበሬም እዚያ ሲታከም ከኪሱ አይከፍልም። እኛ ጋ የሚመጣው ከፍሎ ጊዜ መግዛት የሚችለው ነው፦ ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ ደመወዝተኛው፣ ምርቱን የሸጠ የመስኖ ገበሬ።

ወቅቱ

ጥናቱ በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የፈጀው ያለ ምክንያት አይደለም። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። እኛ ጋ ዓመቱን ሙሉ ጉንፋንና ጨጓራ አይጠፋም፤ የታካሚው ቁጥርም ብዙ አይዋዥቅም። ሸዋሮቢት ቆላ ናት፤ ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ መለስተኛ ጭማሪ አለ። በቀሩት ወራት ይቀዘቅዛል።

በወር 26 የሥራ ቀን ይዘን ግምታችን በወባ ወራት በቀን 50፣ በሚያዝያና ግንቦት 38፣ በቀሩት 6 ወራት 28 ታካሚ ነው። ጳጉሜን ለጥንቃቄ አልቆጠርነውም። ከአንድ ታካሚ በአማካይ 420 ብር ይገባል። ለሪኤጀንት፣ ለመድኃኒትና ለጓንት 150 ብር ሲወጣ 270 ይተርፋል።

ወጪው

ለመነሻ፦ የቤት እድሳት 620,000፣ የ6 ወር ኪራይ 210,000፣ የላብራቶሪ ዕቃ 1,150,000፣ ሶላርና ኢንቨርተር 380,000፣ አልጋና ሌላ የሕክምና ዕቃ 410,000፣ የመጀመሪያ መድኃኒትና ሪኤጀንት 340,000፣ ፈቃድና ማስታወቂያ ቦርድ 60,000 ብር። ድምሩ 3,170,000 ብር ነው። ከዋናው ክሊኒክ ልንቀይራቸው ያሰብናቸውን የሲቢሲ ማሽንና አልጋዎች ወደዚያ ብንወስድ ወደ 700,000 ብር ይቀንሳል። አሮጌ ናቸው፤ ግን ይሠራሉ።

ወርሃዊው ላይ ሁለት አማራጭ አወዳደርን። ሙሉ ጊዜ ጠቅላላ ሐኪም ከያዝን ደመወዝ፣ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ኪራይ፣ መብራት፣ ነዳጅና ቆሻሻ ማስወገጃ ተደምሮ 244,380 ብር ይሆናል። ወጪውን ለመቻል በቀን 35 ታካሚ ያስፈልጋል። በስድስቱ ቀዝቃዛ ወራት በየወሩ 47,820 ብር እንከስራለን። ዓመቱ ሲዘጋ የሚተርፈው 184,320 ብር ብቻ ነው።

ጤና መኮንን መርቶት ሐኪማችን በሳምንት ሁለት ቀን ከደብረ ብርሃን ቢወርድ ግን ወርሃዊው ወጪ 214,430 ብር ነው። በቀን 31 ታካሚ ይበቃል፤ የቀዝቃዛው ወር ኪሳራም ወደ 17,870 ብር ይወርዳል። በዓመት ከግብር በፊት 543,720 ብር ይተርፋል። አሮጌዎቹን ዕቃዎች ወስደን፣ የሁለት ወር ወጪ መጠባበቂያ 430,000 ብር ጨምረን ብናስበው ገንዘባችን ከ5 ዓመት ትንሽ አልፎ ይመለሳል። «በሦስት ዓመት» ተብሎ የነበረውን እርሱት።

ሠራተኛ

ነርስ እናገኛለን። ጭንቀቱ ላብራቶሪው ነው። የምንሸጠው ፈጣን ውጤት ከሆነ፣ ቴክኒሻኑ የቀረ ቀን ክሊኒኩ ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ በበጀቱም እያንዳንዳቸው 16,000 ብር ተይዞላቸዋል። ከኛ ሠራተኞች ወደዚያ ለመውረድ የፈቀደ የለም። ጋቢ የለመደ ሰው ያን ሙቀት አይችለውም፤ አልፈርድባቸውም። የአካባቢውን ልጆች ቀጥረን እዚህ ለአንድ ወር ማለማመድ ይሻላል። አገራቸው ስለሆነም ቶሎ ጥለው አይሄዱም።

ሥጋት

ትልቁ ፀጥታ ነው። ጦርነቱ በኅዳር 2014 ዓ.ም እስከ ሸዋሮቢት ደርሶ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ መንገዱ የተዘጋበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። መንገድ ሲዘጋ ሐኪሙ አይወርድም፤ ሪኤጀንትም አይደርስም። የ45 ቀን ሪኤጀንት ሁልጊዜ በእጃችን መኖር አለበት። ውድ ማሽን የማልደግፍበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፦ በአንድ ፒክአፕ ተጭኖ መውጣት የማይችል ዕቃ እዚያ ባናስገባ ይሻላል።

ሁለተኛው ሙቀትና መብራት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ፍሪጅ ቢጠፋ ሌሊቱ ራሱ ፍሪጅ ነው። እዚያ መብራት ጠፍቶ ካደረ ሪኤጀንቱ ይበላሻል። ስለዚህ ሶላሩን ለመቆጠብ ብላችሁ እንዳትሰርዙት።

ዋጋም አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሬ ለውጥ በኋላ የሪኤጀንት ዋጋ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የ150 ብሩ ወጪ 180 ቢገባ በቀን 31 የነበረው 35 ይሆናል። ያኔ ወይ ዋጋ እንጨምራለን ወይ ትርፉን እንረሳዋለን።

ሦስቱ ቅድመ ሁኔታዎች

ሁለቱ የላብራቶሪ ባለሙያዎች ኪራዩ ከመፈረሙ በፊት ይፈርሙ። የኪራይ ውሉ የ3 ዓመት ይሁን፤ በፀጥታ ምክንያት ከተዘጋን ኪራይ እንዳይቆጥርብን በጽሑፍ ይግባ። መጠባበቂያው 430,000 ብር በተለየ ሂሳብ ይቀመጥ፤ ለእድሳት ተብሎ አይነካ።

ከተስማማን እድሳቱ በሚያዝያ ተጀምሮ፣ የፈቃድ ፍተሻው በሐምሌ ታይቶ፣ ነሐሴ ላይ በር መክፈት ይቻላል። መስከረም ካመለጠን እስከ ሚቀጥለው ዓመት ብንቆይ እመርጣለሁ፤ በቀዝቃዛው ወር የተከፈተ ክሊኒክ መጠባበቂያውን በልቶ ነው ወባ የሚደርስበት። የቤቱ ባለቤት እስከ መጋቢት 20 እንጠብቃችኋለን ብለዋል። ከዚያ በፊት መልሳችሁን እፈልጋለሁ።