28 ከ40 ለምን 0.7 ይሆናል? የምጣኔ ግምት በማክሲመም ላይክሊሁድ

40 ዘር ተዘራ። 28ቱ በቀለ፣ 12ቱ ቀረ። የዚህ ዘር የመብቀል ምጣኔ ስንት ነው ቢባል ማንም 28ን ለ40 አካፍሎ 0.7 ይላል። ልክ ነው። ግን ለምን ልክ ሆነ? ለምን 0.68 ወይም 0.75 አይሆንም? እነዚህ ቁጥሮችም ቢሆኑ 40 ዘር ተዘርቶ 28 እንዲበቅል ማድረግ ይችላሉ። ማካፈሉ ቀላል ነው፤ ምክንያቱን ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ማካፈል ብቻ የማይበቃበት ጥያቄ ሲገጥመውም መንገድ አያጣም።

የማይታወቀውን የመብቀል እድል p እንበለው። አንድ ዘር የመብቀል እድሉ p ከሆነ፣ ያለመብቀል እድሉ 1 − p ነው። አሁን ሁለት ነገር እንገምት። አንደኛ፣ p ለሁሉም ዘር አንድ ነው። ሁለተኛ፣ የአንዱ ዘር መብቀል ወይም መቅረት ሌላውን አይነካም። ይህን ሁለተኛውን በቸልታ አትለፉት። ከአንዱ ዘር ወደ ጎረቤቱ የሚዛመት ሻጋታ ካለ ግምቱ ይፈርሳል፤ ከታች ያለው ማባዛትም አብሮ ይፈርሳል። ካልተነካኩ ግን እድሎቹን እንዳሉ ማባዛት እንችላለን፦

L(p) = p²⁸ (1 − p)¹²

28 ጊዜ p፣ 12 ጊዜ 1 − p ማለት ነው። ይህ ላይክሊሁድ ይባላል። 28ቱ በየትኞቹ ቦታዎች እንደበቀሉ የሚቆጥር አንድ ቋሚ ቁጥርም ፊቱ ላይ ሊገባ ይችላል። እሱ ግን በውስጡ p የለበትም፤ ጉብታው የት ላይ እንደሚሆን አይቀይርም። ስለዚህ ትተነዋል።

ብዙ ተማሪ የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው። L(p) "p ይህን ያህል የመሆን እድል" አይደለም። ዘሮቹ በቅለው አልቀዋል፤ 28 እና 12 ከእንግዲህ አይለወጡም። የሚለዋወጠው p ነው። ለእያንዳንዱ p የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ እውነተኛው ምጣኔ ይህ ቢሆን ኖሮ፣ ያየነውን ነገር የማየት እድላችን ምን ያህል ነበር? ይህን እድል ከሁሉም በላይ የሚያደርገውን p እንመርጣለን። ሮናልድ ፊሸር በ1922 ባሳተመው ጽሑፍ ማክሲመም ላይክሊሁድ ብሎ ስም ሰጥቶ ያቋቋመው ሐሳብ ይኸው ነው።

አሁን የ L(p)ን ከፍተኛ ቦታ እንፈልግ። L(p)ን በቀጥታ ዴሪቬቲቭ ማድረግ ይቻላል፤ ግን የብዜት ደንብ ይገባና ነገሩ ይንዛዛል። ደግሞ ቁጥሮቹ በጣም ያንሳሉ። p = 0.7 ላይ እንኳ L(p) ወደ 0.000000000024 ነው። ዘሮቹ በሺዎች ቢሆኑ ኮምፒውተሩ ራሱ ዜሮ ብሎ ያልፈዋል። መፍትሔው ሎጋሪዝም ነው። ሎጋሪዝም ትልቁን ከትልቅነቱ፣ ትንሹን ከትንሽነቱ አያፈናቅልም። L(p) ከፍ ባለበት ln L(p)ም ከፍ ይላል። ስለዚህ ጫፋቸው አንድ p ላይ ነው። ብዜቱ ደግሞ ወደ ድምር ይቀየራል፦

ℓ(p) = 28 ln p + 12 ln(1 − p)

ከዚህ በኋላ ስራው ቀላል ነው። የ ln p ዴሪቬቲቭ 1/p ነው። የ ln(1 − p) ግን −1/(1 − p) ነው። ያቺ የመቀነስ ምልክት የመጣችው ከውስጥ ካለው 1 − p ነው። እሷን መርሳት በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ከተረሳች እኩልታው በ0 እና በ1 መካከል መልስ አይኖረውም።

ℓ′(p) = 28/p − 12/(1 − p)

ለምን ዜሮ ጋር እናስተካክለዋለን? ኮረብታ ላይ የሚሄድ ሰው ዳገቱ አልቆ ቁልቁለቱ ሳይጀምር አንዲት ነጥብ ላይ መንገዱ ሜዳ ይሆንለታል። ዴሪቬቲቭ የዳገቱ መጠን ነው፤ ጫፉ ላይ ዜሮ ነው። በቁጥር እንየው። p = 0.6 ላይ ℓ′ ወደ 16.7 ይሆናል፤ ገና ዳገት ነው። p = 0.8 ላይ −25 ይሆናል፤ ጫፉን አልፈን እየወረድን ነው። በመሃል የሆነ ቦታ ዜሮ አለ ማለት ነው። እንፍታው፦

28/p = 12/(1 − p)
28(1 − p) = 12p
28 = 40p
p = 28/40 = 0.7

ከ28 − 28p = 12p ወደ 28 = 40p ስንሻገር የሆነውን ልብ በሉ። የበቀሉት 28 እና ያልበቀሉት 12 ተደምረው 40 ሆኑ። የዘሮቹን ጠቅላላ ብዛት እኛ አላስገባነውም፤ ራሱ ነው ከሂሳቡ የወጣው። እኔ ከዚህ ሁሉ ስራ በጣም የምወደው ይህን መስመር ነው። በአጠቃላይ ከ n ዘር k ከበቀለ፣ ያው ሂሳብ p̂ = k/n ይሰጣል። ባርኔጣዋ "ግምት ነው" ለማለት ነው።

ዜሮ ዴሪቬቲቭ ግን ብቻውን ጫፍ ነው አያሰኝም፤ የሸለቆ ወለልም ዜሮ ነው። ሁለተኛውን ዴሪቬቲቭ እንይ፦

ℓ″(p) = −28/p² − 12/(1 − p)²

ሁለቱም ቁርጥራጭ በ0 እና በ1 መካከል ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው። ጫፍ ነው፣ ያውም ብቸኛ ጫፍ።

ይህ ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ ከማረጋገጫነት በላይ ይጠቅማል። p = 0.7 ስናስገባ −190.5 ገደማ ይመጣል፤ ምልክቱን ስንተው በትክክል 40/(0.7 × 0.3) ነው። ቁጥሩ በገዘፈ መጠን ጫፉ ይሾላል፤ የግምታችን ስህተትም ያንሳል። ገልብጠን የካሬ ስሩን ስንወስድ 0.072 ገደማ እናገኛለን። ይህ የግምቱ ስታንዳርድ ኤረር ነው፤ ግምቱ ከእውነተኛው p በተለምዶ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ይለካል። ዘሮቹ 400፣ የበቀሉት 280 ቢሆኑ ግምቱ ያው 0.7 ነው፤ ስህተቱ ግን ወደ 0.023 ይወርዳል። k/n ብቻውን ይህን ልዩነት አያሳይም። የላይክሊሁዱ ቅርጽ ያሳያል።

አንድ ቦታ ግን መንገዱ ይቋረጣል። 40ውም ቢበቅሉስ? ያኔ ℓ(p) = 40 ln p ነው፤ ዴሪቬቲቩ 40/p። ይህ በየትም p ዜሮ አይሆንም። ዳገቱ እስከ መጨረሻው ድረስ ዳገት ነው፤ ከፍተኛው ቦታ ጠርዙ ላይ፣ p = 1 ላይ ነው። መልሱ አሁንም k/n ነው፤ ያገኘነው ግን ዜሮ ጋር በማስተካከል ሳይሆን ጠርዙን በማየት ነው። አንዱም ሳይበቅል ሲቀር እንዲሁ p = 0 ይሆናል። እነዚህ ጠርዞች ላይ p ወይም 1 − p ዜሮ ስለሚሆን፣ የ p(1 − p)/n ካሬ ስር ወስደን ስታንዳርድ ኤረር ብንፈልግ ዜሮ ይሰጠናል፤ ምንም ስህተት የለም እንደማለት። ይህን አትመኑት። እውነተኛው p 0.93 ቢሆን እንኳ 40ውም የመብቀላቸው እድል 0.93⁴⁰ ነው፤ ወደ 5.5 በመቶ። እንዲህ ያለ ውጤት ስታገኙ ግምቱን 1 ብላችሁ ጻፉ፤ ከጎኑ ግን ከ0.93 እስከ 1 ያለው ሁሉ ከዳታው ጋር እንደማይጣላ አብራችሁ ጻፉ።