የቢም ሺር ፎርስና ቤንዲንግ ሞመንት ዲያግራም፦ የ14ቱ ስላይዶች ማብራሪያ

እኅቴ፣ ማክሰኞ ከክፍል ስንወጣ ስላይዶቹን ሦስት ጊዜ እንዳነበብሻቸው፣ ሥዕሎቹ ከየት እንደሚመጡ ግን እንዳልገባሽ ነግረሽኝ ነበር። ስላይዶቹ የተዘጋጁት መምህሩ በቃል እያብራራ እንዲያሳያቸው ስለሆነ፣ ቃሉ ሲጎድል ሥዕሉ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የጎደለውን ቃል በዚህ ጽሑፍ አስቀምጬልሻለሁ፤ ስላይዶቹን ከፊትሽ ከፍተሽ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘሽ አንብቢው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ስላይዶች ስለ ድጋፍ ዓይነቶች ስለሆኑ ብዙ አያቆዩሽም። ሮለር አንድ፣ ፒን ሁለት፣ ፊክስድ ደግሞ ሦስት ሪአክሽን፣ ማለትም ድጋፉ ለጭነቱ የሚሰጠው ምላሽ፣ እንደሚሰጥ ካወቅሽ ይበቃሻል።

ስላይድ 4 ግን የትምህርቱ ሁሉ ሥር ነው። ቢሙ በአንድ ቦታ ተቆርጦ ግራው ክፍል ብቻ ሲቀር ታያለሽ። ወደ ዘጌ የሚሄዱት ጀልባዎች ከሚቆሙበት የጣና ዳርቻ፣ ከመሬት ወደ ጀልባው የተዘረጋውን ሳንቃ አስቢ። ርዝመቱ 3 ሜትር ነው እንበል፣ የራሱን ክብደት እንተወው፣ የሚሻገረው ሰው ደግሞ 600 ኒውተን ይመዝናል። ሰውየው መሐል ላይ ሲደርስ እያንዳንዱ ጫፍ 300 ኒውተን ይሸከማል፤ ሳንቃውን ከእግሩ ሥር ብትቆርጪው የሚያጎብጠው ሞመንት 300 × 1.5 = 450 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ገና ከጫፉ 0.3 ሜትር ብቻ ገብቶ ሲቆም ግን ቅርቡ ድጋፍ 540 ኒውተን ሲሸከም፣ ሞመንቱ ወደ 162 ኒውተን ሜትር ይወርዳል። ሺር ፎርስ በተቆረጠው ቦታ ላይ የሳንቃውን አንዱን ወገን ከሌላው አንሸራቶ ለመቁረጥ የሚሞክረው ኃይል ነው፤ ቤንዲንግ ሞመንት ደግሞ ሳንቃውን የሚያጎብጠው ነው። ሁለቱ በአንድ ቦታ ላይ አብረው የሚያድጉ እንዳልሆኑ ከዚሁ ሰው እርምጃ መረዳት ትችያለሽ፤ ሁለት የተለያዩ ዲያግራሞች የሚያስፈልጉንም ለዚህ ነው።

ስላይድ 6 የምልክት ስምምነቱን ይዟል። ከተቆረጠው ቦታ በግራ በኩል ያለው ኃይል ወደ ላይ ከሆነ ሺሩ ፖዘቲቭ ነው፤ ቢሙ መሐሉ ወደ ታች ረግቦ የታችኛው ፊቱ ከተሳበ ሞመንቱ ፖዘቲቭ ነው፤ የላይኛው ፊቱ ከተሳበ ኔጌቲቭ ነው። በስላይዶቹ ላይ ፖዘቲቭ ሞመንት ከመስመሩ በላይ ተሥሏል። በአርማታ ዲዛይን ትምህርት ግን ሞመንቱን ብዙውን ጊዜ በሚሳበው ፊት በኩል ሲሥሉት ታገኛለሽ፤ ሥዕሉ ቢገለበጥም ትርጉሙ ያው ነውና እንዳትደናገጪ።

በስላይድ 9 ላይ ያሉት ሁለት እኩልታዎች dV/dx = −w እና dM/dx = V ናቸው፤ V ሺሩ፣ M ሞመንቱ፣ w በእያንዳንዱ ሜትር ላይ ያለው ጭነት፣ x ደግሞ ከግራ ጫፍ ያለው ርቀት ነው። ብዙ ተማሪ በቃሉ ይይዛቸውና ሥዕሉ ላይ ሲደርስ ይረሳቸዋል። በተግባር የሚሉት ይህን ነው፦ የሺሩ መስመር ቁልቁለት በዚያ ቦታ ያለውን ጭነት ያህላል፤ የሞመንቱ ኩርባ ዳገት ደግሞ በዚያ ቦታ ያለውን ሺር ያህላል። ስለዚህ ሺሩ ዜሮ በሚሆንበት ቦታ የሞመንቱ ኩርባ ለጥ ይላል፣ ትልቁን ሞመንትም እዚያ ትፈልጊያለሽ። በሁለት ነጥቦች መካከል የሞመንቱ ለውጥም ከሺር ዲያግራሙ ሥር ካለው ስፋት ጋር እኩል ነው። እኔ በግሌ ይህችን የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ከሁሉም አስበልጬ እወዳታለሁ፤ ቀመር ሳትጽፊ በሦስት ማዕዘን ስፋት ብቻ ሥዕሉን ታስጨርስሻለች።

አሁን ስላይድ 11ን እንሥራው። ቢሙ ድጋፎቹ ካሉባቸው ከA እስከ B 6 ሜትር፣ ከB አልፎ ነጻ ሆኖ እስከተንጠለጠለው ጫፍ C 2 ሜትር ነው፤ በመላ ርዝመቱ ላይ 12 ኪሎ ኒውተን በሜትር ተሸክሟል። ጠቅላላው ጭነት 96 ኪሎ ኒውተን ሲሆን ማዕከሉ ከA 4 ሜትር ላይ ነው። በA ዙሪያ ሞመንት ስንወስድ የB ሪአክሽን 96 × 4 ÷ 6 = 64፣ የA ደግሞ ቀሪው 32 ኪሎ ኒውተን ይሆናል።

```
0 < x < 6:  V = 32 − 12x        M = 32x − 6x²
6 < x < 8:  V = 12(8 − x)       M = −6(8 − x)²
```

ሺሩ A ላይ ከ32 ይነሣና በቀጥታ መስመር እየወረደ በ2.67 ሜትር ዜሮ ይሆናል፤ B ሊደርስ ሲል −40 ነው። እዚያ የድጋፉ 64 ወደ ላይ ስለሚገፋው በአንድ ጊዜ ወደ +24 ይዘላል፣ ከዚያም C ላይ ዜሮ ሆኖ ያልቃል። ዝላዩ ልክ ሪአክሽኑን ማከሉ የሥራሽ የመጀመሪያ ማረጋገጫ ነው። ለሞመንቱ ስፋቶቹን ቁጠሪ፦ የመጀመሪያው ሦስት ማዕዘን 32 × 2.67 ÷ 2 = 42.7 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው፤ ሁለተኛው 3.33 × 40 ÷ 2 = 66.7 ሲቀነስበት B ላይ −24 ይቀራል፤ ሦስተኛው 24 × 2 ÷ 2 = 24 ሲደመርበት C ላይ ዜሮ ይሆናል። ነጻ ጫፍ ሞመንት ሊኖረው አይችልምና ዜሮ ካልመጣልሽ የሆነ ቦታ ተሳስተሻል ማለት ነው።

በስላይድ 12 ላይ ከB እስከ C ያለው የሞመንት መስመር ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ያ የአሣሣል ግድፈት ነው። ሺሩ ከ24 ወደ ዜሮ ስለሚቀንስ ኩርባው B አጠገብ ዳገት ሆኖ C ሲደርስ ለጥ ማለት አለበት። በደብተርሽ አስተካክለሽ ሣዪው።

ሞመንቱ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ የሚያልፈው በ5.33 ሜትር፣ ማለትም ከB 0.67 ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ነው። ከዚያ ነጥብ በስተግራ አርማታው የሚሰነጠቀው ከታች ስለሆነ ዋናው ፌሮ ከታች ይቀመጣል፤ በስተቀኝ ግን የሚሳበው የላይኛው ፊት ነውና ፌሮው ከላይ መሆን አለበት፣ ከነጥቡም አልፎ በቂ ርዝመት ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ሺሩ ትልቅ በሆነበት በB ግራ በኩል ደግሞ ስታፋው ይጠጋጋል። ተመርቄ በወጣሁበት ዓመት በአንድ የግል ቤት ግንባታ ላይ የበረንዳ ሶሌታ ፌሮው ሁሉ ከታች ተቀምጦ አይቻለሁ። የድጋፍ እንጨቱ ሲነሣ ከግድግዳው ጥግ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ በላይኛው ፊት ላይ ከዳር እስከ ዳር ወጣ። ጣቴን አስገብቼ የነካሁት ያ ስንጥቅ የተከፈተው ይህ ዲያግራም −24 ብሎ በሚያመለክተው ዓይነት ቦታ ላይ ነበር። ሰው አለመጎዳቱን እያሰብኩ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ፤ ምልክትን እንደ ትንሽ ነገር እንዳታዪ የምለምንሽም ለዚህ ነው።

ስላይድ 13 ተንጠልጣዩ 2 ሜትር ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ያሳያል፦ wL²/8 = 54 ኪሎ ኒውተን ሜትር። ተንጠልጣዩ መሐሉን ወደ 42.7 አቃለለለት፣ በምትኩ ግን በB ላይ የላይኛውን ፌሮ አስፈላጊ አደረገው።

ስላይድ 14 ጥያቄ ብቻ ነው። C ላይ 6 ኪሎ ኒውተን ጨምሪና ሁለቱን ዲያግራሞች ከመጀመሪያው ሥሪያቸው። ሪአክሽኖቹ 30 እና 72፣ የሺሩ ዜሮ 2.5 ሜትር ላይ፣ የB ሞመንት ደግሞ −36 ሆነው መምጣት አለባቸው። ካልመጡልሽ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደብተርሽን ይዘሽ ነዪ፣ የሳትሽባትን መስመር አብረን እንፈልጋታለን።